ለታዳጊ የመጀመሪያ ሽቶ፦ ቦዲ ሚስት፣ ኦ ደ ቷሌት፣ ኦ ደ ፓርፋም ወይስ የቅባት ሽቶ?

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ለልደቷ የጠየቀችው ሽቶ ብቻ ነበር። ዕድሜዋ 15 ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሳሙናና ከቅባት በቀር መዓዛ ያለው ነገር በሰውነቷ ላይ አድርጋ አታውቅም። እናቷ ወደ እኔ የላከቻት አዲስ አበባ ውስጥ ሽቶ መሸጫ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለልጆቻቸው የመጀመሪያ ሽቶ ሊገዙ የሚመጡ ወላጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም «ጥሩው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ግን ከጊዜ በኋላ ለእነሱ ሌላ ጥያቄ ይዤ መቆየትን ለመድኩ፤ እሱም «ልጁ አብዝቶ ቢረጨው ሌላውን ሰው የማያስቸግረው የትኛው ነው?» የሚል ነው። አራቱን የሽቶ ዓይነቶች ከዚህ በታች የማነጻጽረው በዚህ መለኪያ ነው።

መለኪያውን የመረጥኩት አፍንጫ ከሚሠራበት መንገድ ተነሥቼ ነው። አፍንጫ ያለማቋረጥ የሚደርሰውን ጠረን ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ችላ ይለዋል። ሽንኩርት ሲቁላላ ማጀት የዋለ ሰው ሽታው አይሰማውም፤ ከውጭ የመጣው እንግዳ ግን ገና በሩ ላይ ሳለ ያውቀዋል። ሽቶም እንዲሁ ነው። ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው ሽቶው ለእሱ አልሰማ ቢለውም ለሌላው እንደሚሸት ያውቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀባ ታዳጊ ግን «ጠፋ» ብሎ ይደግማል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ይሠልሳል። በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ይነግራችኋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሽቶ ይህን የማይቀር ስህተት ችሎ የሚያሳልፍ መሆን አለበት።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር መለየት ይገባል። በጉርምስና ዕድሜ በብብት ሥር ያሉ ልዩ የላብ ዕጢዎች ሥራ ይጀምራሉ። ከእነሱ የሚወጣው ላብ በራሱ ይህን ያህል ጠረን የለውም፤ በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት ነው የሚሸተው። ሽቶ ይህን ሥራ አያስቆምም። ላብ ላይ የተረጨ ሽቶ ከላቡ ጋር ተደባልቆ ከሁለቱም የከፋ ጠረን ይወጣዋል። ልጁ ሽቶ የፈለገው የላቡ ሽታ አሳስቦት ከሆነ የሚያስፈልገው ገላን መታጠብና በንጹሕ ብብት ላይ የሚደረግ ዶድራንት ነው፤ የሚመረጠውም መዓዛ የሌለው ወይም በጣም ቀላል መዓዛ ያለው ይሁን። እንዲህ ከሆነ ኋላ ከሚመጣው ሽቶ ጋር አይጋጭም። ብዙ ወላጆች ለዚህ ችግር ሽቶ ሲገዙ አይቻለሁ፤ ሽቶው ጥሩ ቢሆንም ችግሩ ባለበት ይቀራል።

አራቱ ዓይነቶች የሚለያዩበት ዋና ነገር

አብዛኛው የሚረጭ ሽቶ የመዓዛ ዘይት በአልኮልና በጥቂት ውኃ ተበጥብጦ የሚሠራ ነው። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ስም የዘይቱን መጠን በግምት ይናገራል። ቦዲ ሚስት የሚባለው ከመቶ እጅ ከ1 እስከ 3 የሚሆን ዘይት ብቻ አለው፤ ኦ ደ ኮሎኝ ከ2 እስከ 5፣ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20 ይደርሳል። እነዚህን ቁጥሮች የሚያስገድድ ሕግ ስለሌለ አንዱ አምራች ኦ ደ ቷሌት ብሎ የሚሸጠው ከሌላው ኦ ደ ፓርፋም ሊበረታ ይችላል። የቅባት ሽቶ ደግሞ አልኮል የሌለው ነው፤ መዓዛው ሌላ ሽታ አልባ ዘይት ውስጥ ይገባል ወይም እንዳለ ይሸጣል።

መጠን መዓዛን ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማስረዳት ከአገራችን ዝባድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኢትዮጵያ ለዘመናት ወደ ውጭ ስትልከው የኖረችው ዝባድ ከጥርኝ የሚወጣ ቅባት ነው፤ እንዳለ ቢሸት አፍንጫ የሚያስይዝ፣ ከበረት የሚብስ ጠረን አለው። በአልኮል እጅግ ቀጥኖ ከአበባ መዓዛ ጋር ሲገባ ግን ሙቀትና ልስላሴ ይሰጣል። ያው አንድ ነገር በብዛቱ ያስጠላል፣ በጥቂቱ ያስወድዳል። ታዳጊው በአንገቱ ላይ ስድስት ጊዜ የሚረጨው ሽቶም በዚህ ሕግ ሥር ነው፤ መዓዛው መጠኑ ሲጨምር ባሕርዩም ይለወጣል።

ቦዲ ሚስት

ለታዳጊዎች በብዛት የሚገዛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትልቅ ጠርሙስ ከትንሽ ሽቶ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ስህተትን በመቻል በኩል ከሁሉም የላቀ ነው፤ አምስትና ስድስት ጊዜ ቢረጭ እንኳ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚቀረው በጣም ትንሽ ነው። ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጅ ከዚህ ሌላ አልመክርም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያው ከደካማነቱ ነው። ቶሎ ስለሚጠፋ ልጁ ጠርሙሱን በቦርሳ ይዞ ይሄዳል፤ በእረፍት ሰዓት በክፍል ውስጥ ይረጫል፣ ጓደኞቹም ተቀብለው ይረጫሉ። አንድ ሰው የሚረጨው ቀላል ሽቶ በዐሥር ሰው ሲረጭ ከባድ ደመና ይሆናል። አስም ያለበት ተማሪ በክፍሉ ውስጥ ካለ ይህ ደመና ሳልና የትንፋሽ ማጠር ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ ቦዲ ሚስት የሚገዛ ወላጅ «ጠርሙሱ ከቤት አይወጣም» የሚለውን ደንብ አብሮ ቢያወጣ ነው የሚሻለው። በጋዝ ግፊት የሚረጨው የቆርቆሮው ቦዲ ስፕሬይ ደግሞ ከቦዲ ሚስት የተለየ ነው፤ ጋዙ እሳት የሚይዝ በመሆኑ ከሰል ከተያያዘበት ምድጃ፣ ከሻማና ከዕጣን ማጨሻ አጠገብ ሊረጭ አይገባም፤ የሚረጨውም መስኮት በተከፈተበት ክፍል ውስጥ መሆን አለበት።

ኦ ደ ቷሌት

ከ14 ዓመት ጀምሮ ላለ ታዳጊ የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ በተለይም 30 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ትንሹ ጠርሙስ። ጠዋት ሁለት ጊዜ የተረጨ ኦ ደ ቷሌት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይቆያል። አንድ ጊዜ ሲረጭ የሚወጣው ከ0.1 ሚሊ ሊትር ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ትንሹ ጠርሙስ ወደ 300 ጊዜ ያህል ይረጫል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚቀባ ተማሪ በአንዱ ጠርሙስ ሠላሳ ሳምንት ይቆያል ማለት ነው፤ ይህም ከትምህርት ዘመኑ አብዛኛውን ይሸፍናል። ይህ ስሌት ለወላጅ ሌላ ጥቅም አለው። ጠርሙሱ በሁለት ወር ካለቀ ልጁ በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ እየረጨ መሆኑን ያለ ክርክር ያሳያል።

ከኦ ደ ቷሌት ውስጥም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደለም። በሎሚ፣ በመንደሪን፣ በቤርጋሞት፣ በሻይ ቅጠልና በቅጠላ ቅጠል መዓዛ የተሠሩት ቶሎ ስለሚተኑ ቢበዙም ቀለል ይላሉ። በቫኒላ፣ በካራሜል፣ በአምበርና በኡድ የተሠሩት ግን ከባድና በዝግታ የሚተኑ ነገሮች ስላሉባቸው ስማቸው ኦ ደ ቷሌት ቢሆንም እንደ ኦ ደ ፓርፋም ይከብዳሉ። እዚህ ላይ የእኛን ቤት ማሰብም ይጠቅማል። ቡና ተፈልቶ ዕጣን በሚጨስበት ቤት የሚያድግ ልጅ ዩኒፎርሙ ሳይቀር የዕጣንና የቡና ጭስ ጠረን ይዟል። ጣፋጭና ከባድ ሽቶ በዚያ ላይ ሲደረብ ይጨፈግጋል፤ የሎሚና የሻይ መዓዛ ግን ከዕጣኑ ጋር ይስማማል፤ ዕጣን ራሱ በውስጡ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር አለውና።

በስም እንድጠራ ከተጠየቅሁ ሦስቱን እጠራለሁ። የኤልዛቤት አርደን ግሪን ቲ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ፍራንሲስ ኩርክጂያን የቀመረው፣ የሎሚና የአረንጓዴ ሻይ መዓዛ ያለው በጣም ቀላል ሽቶ ነው፤ ድክመቱ ቶሎ መጥፋቱ ነው። የካልቪን ክላይን ሲኬ ዋን በ1994 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ለወንድም ለሴትም ተብሎ የተሸጠ፣ የታጠበ ልብስ የሚመስል ንጹሕ መዓዛ ያለው ነው፤ ወንድምና እህት አንዱን ጠርሙስ ሊካፈሉት ይችላሉ። ለወንድ ልጅ ትንሽ ጠንከር ያለ ከተፈለገ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የዳቪዶፍ ኩል ዋተር አለ፤ እሱ ግን ከሁለቱ ስለሚበረታ አንድ ጊዜ ብቻ መረጨት ይበቃዋል። ሦስቱም የቆዩና በብዛት የሚመረቱ በመሆናቸው ዋጋቸው ከአዲሶቹ ዝነኛ ሽቶዎች ያነሰ ነው።

ኦ ደ ፓርፋም

ይህን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ደካማ አይደለም። ብርቱ ስለሆነ አንዴ ከተረጨ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ መደጋገም አያስፈልግም፣ ስለዚህም ይቆጥባል ይላሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን አንድ ጊዜ ረጭቶ ለሚያቆም እጅ ነው። ታዳጊው ከአንዱ ርጭት በኋላ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሽቶውን ማሽተት ያቆማል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲረጭ ደግሞ ስህተቱ እስከ ማታ አይጠፋም፤ በውኃና በሳሙና ቢታጠብ እንኳ ልብሱ ላይ ያለው ይቀራል። ቦዲ ሚስት በአንድ ሰዓት፣ ኦ ደ ቷሌት እስከ ምሳ ድረስ ይቅር የሚለውን ስህተት ኦ ደ ፓርፋም እስከ ማግስቱ ያቆየዋል።

ልጁ 17 እና 18 ዓመት ደርሶ ሽቶውን ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለበዓል ብቻ የሚፈልገው ከሆነ አስተያየቴ ይለወጣል። ያን ጊዜ ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ አንድ ጊዜ የሚረጨው ቀላል የአበባ ወይም የእንጨት መዓዛ ያለው ኦ ደ ፓርፋም ጥሩ ስጦታ ነው። ለትምህርት ቤት ግን አልመክረውም።

የቅባት ሽቶ

መርካቶ ውስጥ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው፣ ከዱባይና ከሌሎች የዐረብ አገሮች ዘመዶች የሚልኩት የቅባት ሽቶ ከሦስቱ በአጠቃቀሙ የተለየ ነው። አልኮል የሌለበትን የሚመርጡ ቤተሰቦች ዋና አማራጫቸው ይህ ነው፤ የሚቀባውም በኳስ ወይም በመስታወት ዘንግ ስለሆነ መጠኑን መቆጣጠር ይቀላል። በእጅ አንጓ ላይ አንድ ጊዜ መንካት ማለት አንድ ጊዜ ነው። ከዚህም በላይ ዘይት እንደ አልኮል ስለማይተን መዓዛው ሩቅ አይሄድም፤ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ይሰማል። ስህተትን ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ይህን ዓይነት ከኦ ደ ፓርፋም በላይ አስቀምጠዋለሁ።

ድክመቱ ግን ቀላል አይደለም። መዓዛው በብዙ ያልቀጠነ በመሆኑ ቆዳ ላይ የሚያርፈው የመዓዛ ንጥረ ነገር ይበዛል፤ ማሳከክ የሚያመጣም ከሆነ በዚያው ልክ ያመጣል። በነጭ ነጠላ ወይም ሸሚዝ ላይ ቢያርፍ የቢጫ ነጠብጣብ ጥሎ ያልፋል። ከሁሉም በላይ ብዙዎቹ ብልቃጦች በውስጣቸው ያለውን የሚዘረዝር ጽሑፍ የላቸውም። ለምሳሌ የቤርጋሞት ዘይት ካልተጣራ በቀር ቤርጋፕቴን የሚባል ነገር ይዟል፤ ይህ ነገር የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲነካው ለወራት የማይለቅ ጥቁር ጥላ ያወጣል። ትልልቆቹ አምራቾች የተጣራውን ስለሚጠቀሙ ወይም መጠኑን ስለሚገድቡ ጉዳዩ እምብዛም አይነሣም። ስም በሌለው ብልቃጥ ውስጥ የትኛው እንዳለ ግን መለያ መንገድ የለም፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ የምታርፍ ብርቱ ፀሐይ ናት። ስለዚህ የቅባት ሽቶ ለታዳጊ ከተመረጠ የአምራቹ ስምና የይዘቱ ዝርዝር የተጻፈበት ይሁን፤ የሚቀባውም ልብስ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ይሁን።

ቆዳ ላይ መሞከር፦ አንድ ቀን አይበቃም

ሽቶ የሚያመጣው አለርጂ ወዲያው አይታይም። ብዙ ጊዜ ከተቀባ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው ቆዳው የሚቀላው፤ አንዳንዱም ከብዙ ጊዜ መቀባት በኋላ ይጀምራል። ሱቅ ውስጥ እጁ ላይ ረጭቶ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ የሚገዛ ሰው ስለ አለርጂ የሚያውቀው ነገር የለም። ትክክለኛው መንገድ ክርን በሚታጠፍበት የውስጥ ቆዳ ላይ የሳንቲም ስፋት በምታህል ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ያህል መቀባት ነው። ቦታው ከቀላ፣ ካሳከከ ወይም ሻካራ ከሆነ ሙከራው ይቆማል፤ ሽቶውም ይቀራል። ኤግዚማ ያለበት ልጅ ግን ሐኪሙን ሳያማክር ባይሞክር ይሻላል፤ ከፈለገም በቆዳው ፈንታ በልብሱ ላይ ይርጨው።

በካርቶኑ ላይ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው ዝርዝርም ይረዳል። የአውሮፓ ኅብረት አለርጂ የማምጣት ዕድል ያላቸውን 26 የመዓዛ ንጥረ ነገሮች በስም እንዲጻፉ ያስገድድ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። ሊሞኒን፣ ሊናሉል፣ ሲትራል፣ ጄራኒዮል የሚሉ ስሞች በዝርዝሩ ላይ ቢታዩ አያስደንግጥም፤ በሎሚና በአበባ መዓዛ ውስጥ ሁልጊዜ ያሉ ናቸው፤ ስማቸው የሚጠቅመው አንድ ሽቶ ልጁን አሳክኮት ከሆነ ቀጣዩን ለመምረጥ ነው። በተለየ መልኩ እንዲታይ የምመክረው ሊሊያል ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል ተብሎ ይጻፋል። ከማርች 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ታግዷል፤ ምክንያቱም መራባትን ይጎዳል ተብሎ ስለተመደበ ነው። ይህን ስም የያዘ ካርቶን ከእገዳው በፊት የተመረተ አሮጌ ዕቃ ወይም ለሌላ ገበያ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ለልጅ ባይገዛ ይሻላል።

የእህቴ ልጅ እንዴት እንደመረጠች

ልጅቷ ስትመጣ ምርጫዋ ያለቀ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ የምትቀባውን የቫኒላ መዓዛ ያለው ኦ ደ ፓርፋም ነው የምትፈልገው። አጎቷ ደግሞ ከዱባይ የላከው፣ ጽሑፍ የሌለው አንድ ብልቃጥ የቅባት ሽቶ በእጇ ነበር። እኔ በእነዚህ ላይ ግሪን ቲንና ሲኬ ዋንን ጨመርኩ፤ የሚረጩትን ሦስቱን 2 ሚሊ ሊትር በሚይዙ ትንንሽ ብልቃጦች ቀዳሁላት። 2 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጊዜ ስለሚረጭ ለሳምንት ሙከራ ይበቃል።

መጀመሪያ በወረቀት ላይ አሸተተቻቸው። ሳትዘገይ ቫኒላውን መረጠች፤ ወረቀት ላይ ጣፋጭ ነገር ሁሌም ያሸንፋል። ከሦስት በላይ በተከታታይ ማሽተት እንደማይገባ ነግሬያት አራተኛውን ለማግስቱ አቆየነው። በየሱቁ የሚቀመጠው የቡና ፍሬ አፍንጫን ያድሳል የሚባለውም ከንጹሕ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ ወደ ውጭ ወጥቶ መተንፈስ ወይም የራስን ያልተቀባ ክርን ማሽተት ይበቃል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንዱን፣ ሁለት ጊዜ ብቻ እየረጨች ውላ፣ በሦስት ሰዓት ማለትም ተቀብታ ሁለት ሰዓት ሲሞላት፣ በምሳ ሰዓትና ከትምህርት ስትመለስ የተሰማትን በደብተር እንድትጽፍ ጠየቅኋት። ሽቶ በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች የሚያሳየው ፊት ቶሎ የሚተነው ነው፤ ሰው አብሮት የሚውለው ከዚያ በኋላ የሚወጣው ነው። ስለዚህ ውሳኔ የሚሰጠው በማለዳው መዓዛ አይደለም።

ቫኒላውን በተቀባችበት ቀን በምሳ ሰዓት የጻፈችው «ከወጡ ጋር ተደባልቆ አላስበላኝም» የሚል ነበር። ስትመለስ መስኮቱ በተዘጋ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ እናት መስኮቱን እንዲከፍቱላቸው ረዳቱን ሲለምኑ እንደሰማች ነገረችኝ። በእሳቸው ቦታ ሆና እንድታስበው አላስፈለገኝም፤ «አክስቴ፣ እኔኑ ራሴን አሞኛል» አለችኝ። ግሪን ቲ ጠዋት ላይ እጅግ ደስ ያላት ሲሆን በምሳ ሰዓት «የለም» ብላ ጽፋለች። ሲኬ ዋን በምሳ ሰዓት እጇን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ ይሰማት ነበር፤ ከሰዓት በኋላም የዴስክ ጓደኛዋ «ልብስሽ አሁን የታጠበ ይመስላል» አለቻት። የአጎቷን የቅባት ሽቶ ክርኗ ላይ ብቻ ነው ያስሞከርኳት፤ መዓዛውን «የእማማ ሣጥን ይሸታል» ብላ ወድዳው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ቦታው ቀልቶ ማሳከክ ጀመረ። ሙከራውን አቆምን፤ ብልቃጡንም አጎቷን ላለማስቀየም ሳትጥለው፣ በጥጥ አስነክታ በልብስ ሣጥኗ ጥግ እንድታስቀምጠው መከርኳት።

ሰባት ቀን ሙሉ በክርኗ ላይ ሲኬ ዋንን ሞክራ ምንም ስላልሆነች የገዛነው እሱን ሆነ። እሷ የመረጠችው መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ወላጅ የመረጠው ሽቶ ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ሳይጎድል ዓመት ይቀመጣል።

ስትገዙ የሚያጋጥመው አሳሳች ዕቃ

በአገራችን ገበያ የታወቀ ስም ያለው ሽቶ አስመስሎ የተሠራ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ዋጋው ነው፤ በሌላ ሱቅ ከሚሸጥበት በግማሽ ከቀነሰ መጠርጠር ይገባል። ቀጥሎ በካርቶኑ ሥር ታትሞ የሚገኘው የምርት መለያ ቁጥር በጠርሙሱ ሥር ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩም ሊኮረጅ ስለሚችል መጣጣሙ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ አለመጣጣሙ ግን ማረጋገጫ ነው። በመጨረሻ የሚፈርደው አፍንጫ ነው። አስመስሎ የተሠራው ሲረጭ የአልኮሉ ሽታ አፍንጫ ይወጋል፤ በሚቀጥሉት ደቂቃዎች መዓዛው ዋናውን ይመስላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ወይ ይጠፋል ወይ አንድ ዓይነት ሰም የመሰለ ጠረን ብቻ ይቀራል። ዋናውን በብልቃጥ ለሳምንት የሞከረ ልጅ ልዩነቱን በቀላሉ ያውቀዋል። ምን እንደገባበት የማይታወቅ ነገር በልጅ ቆዳ ላይ ከማድረግ በዚያው ገንዘብ ስሙ ያልገነነ ነገር ግን እውነተኛ የሆነ ቦዲ ሚስት መግዛት ይሻላል።

አቀባቡና አቀማመጡ

የእህቴን ልጅ ያስተማርኳት ገላዋን ታጥባ ቅባት ከተቀባች በኋላ፣ ልብስ ከመልበሷ በፊት፣ ጠርሙሱን አንድ ስንዝር ያህል አርቃ አንዱን ደረቷ ላይ፣ አንዱን በክርኗ ውስጥ እንድትረጭ ነው። ደረቅ ቆዳ ሽቶ ቶሎ ስለሚያጣ መዓዛ የሌለው ቅባት ቀድሞ መቀባት ያቆየዋል። አንጓን ከአንጓ ማሸት አያስፈልግም፤ ሙቀቱ የመጀመሪያውን መዓዛ ቶሎ ያተነዋል። ፊት፣ የቆሰለ ቦታና አዲስ የተላጨ ቆዳ ላይ አይረጭም። ሁለቱ ከተረጩ በኋላ ጠርሙሱ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል፤ «አልሸተተኝም» ሲባል የሚጠየቀው የቤት ሰው ነው እንጂ የራስ አፍንጫ አይደለም።

ጠርሙሱ መስኮት ላይ አይቀመጥም፤ ብርሃንና ሙቀት መዓዛውን ያበላሹታል፣ ቀለሙንም ያጠቁሩታል። በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ በቁም ሣጥን ከተቀመጠ ብዙዎቹ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። በካርቶኑ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ የሚመስል ትንሽ ሥዕል ካለ በውስጡ የተጻፈው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ለስንት ወር እንደሚያገለግል ይናገራል። የልጅቷ ጠርሙስ የተገዛው በጥቅምት ነበር፤ በፋሲካ ሰሞን ሳየው በእኔ ስሌት ሊቀረው ከሚገባው ያነሰ ቀርቶት ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም እንደምትቀባው ነገረችኝ፤ ሒሳቡም ገጠመ።